አንድ ዛፍ ይበቃል ወይስ ደን ያስፈልጋል? የሐዋሳ የቤት ኪራይ ክር

የሐዋሳ ልጆች ስለ ኮድና ስለ ዳታ የሚያወሩበት መድረክ ላይ ሰሞኑን አንድ የውይይት ክር ተከፍቶ ነበር። 31 ምላሽ ደርሷል። ግማሹ ስለ ዛፍ ነው፣ ሩቡ ስለ ቤት ኪራይ፣ የቀረው ቀልድና ንትርክ። ከንትርኩ መሃል ግን ቁም ነገር ስላለበት፣ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ልተርክላችሁ። እኔም አንድ ቦታ ገብቼ ጽፌያለሁ፣ ተሳስቼም ነበር። ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

ክሩን የከፈተችው ታቦር በሚል ስም የምትጽፍ ልጅ ናት። አጎቷ የቤት ደላላ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በእጁ ያለፈውን የሚከራይ ቤት ሁሉ በደብተር ሲመዘግብ ኖሯል። እሷ ደብተሩን ወደ ኤክሴል ገለበጠችው፣ 1,860 መስመር ወጣው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ዘጠኝ ነገር አለ፦ ክፍለ ከተማው፣ የክፍሉ ብዛት፣ ስፋቱ በካሬ፣ ከአስፋልት ያለው ርቀት፣ ከሐይቁ ያለው ርቀት፣ የውሃ ታንከር መኖር አለመኖሩ፣ መጸዳጃው የግል ይሁን የጋራ፣ አከራዩ እዚያው ግቢ ይኑር አይኑር፣ የተመዘገበበት ወር። ከዚያ ኪራዩ በብር።

ሳይኪት ለርን በሚባለው የፓይተን መሣሪያ ኪራይ የሚገምቱ ሦስት ሞዴሎች ሠራች። ምንም ሳትነካካ፣ እንደመጡ ነው የተጠቀመችባቸው። ዳታውን በዘፈቀደ አምስት ቦታ ከፈለችው፣ በአራቱ እያሠለጠነች በአምስተኛው ፈተነች። ብቻውን የቆመው ዛፍ፣ ማለትም ቤቶቹን በጥያቄ ላይ ጥያቄ እየከፋፈለ ዋጋ የሚገምተው ሞዴል፣ በአማካይ 760 ብር ተሳሳተ። የመቶ ዛፍ ግምት አማካይ የሚወስደው ራንደም ፎረስት፣ ደኑ ማለት ነው፣ 750። እያንዳንዱ ዛፍ ከእሱ በፊት የነበሩትን ስህተት የሚያርምበት ግራዲየንት ቡስቲንግ ደግሞ 1,100። የጻፈችው ጥያቄ ቢመስልም ውስጡ ክስ ነበረበት። መቶ ዛፍ ተክሎ አሥር ብር ማትረፍ ምን የሚሉት ሥራ ነው? ቡስቲንጉማ ጭራሽ ከአንዱ ዛፍ ብሷል። ታዲያ ሁሉም ሰው ደን ደን የሚለው ፋሽን ስለሆነ ነው ወይ ብላ ዘጋች።

1ኛው ምላሽ ጨዋ ነበር። ጸሐፊው በሽማግሌ መሰለው። አንድ ሽማግሌ ብቻውን ሲፈርድ ያድላል፣ ይቸኩላል። ብዙዎቹ ሲቀመጡ ግን የአንዱን ጥፋት ሌላው ያርመዋል አለ። ምሳሌው ጥሩ ነው፣ ግን የታቦር ሽማግሌዎች ለምን አሥር ብር ብቻ እንዳረሙ አልነገረንም።

2ኛው እኔ ነኝ። ዳታሽ ትንሽ ስለሆነ ነው፣ ደን የሚጠቅመው መስመሩ በመቶ ሺህ ሲቆጠር ነው ብዬ ጻፍኩ። በልበ ሙሉነት ነበር የጻፍኩት።

3ኛው ላይ ጥቁር ውሃ የተባለች ጸሐፊ ገባች። በዚህ መድረክ ላይ እሷ ስትጽፍ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው። ወንድሜ ብላ ጀምራ አረመችኝ፣ እንደዚያ ሲጀመር እርማቱ ከባድ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ነገሩ እንዲያውም ተገላቢጦሽ ነው አለች። አንድ ዛፍ ትልቁ በሽታው አለመርጋቱ ነው። ከዳታው ጥቂት መስመር ሲቀየር የመጀመሪያው ጥያቄው ይቀየራል። የመጀመሪያው ሲቀየር ከሥሩ ያለው ሁሉ ሌላ ይሆናል። እስከ መጨረሻ ከተለቀቀ ደግሞ ጥያቄው በሚያልቅበት በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ አንድ ቤት ብቻ ይቀራል፣ ትንበያው የዚያ የአንድ ቤት ዋጋ ይሆናል ማለት ነው። ዳታው ትንሽ ሲሆን ይህ ይብሳል እንጂ አይሻልም። ስለዚህ ደኑ ለታቦር በደንብ ሊጠቅማት ይገባ ነበር። ካልጠቀማት ሌላ ነገር አለ። ከዚያ አንድ የቤት ሥራ ሰጠቻት። ኤክሴሉ ውስጥ የሌለ አንድ አዲስ ቤት አምጪ፣ ከዳታሽ በዘፈቀደ 80 በመቶውን እየወሰድሽ አምስት የተለያየ ዛፍ አሠልጥኚ፣ አምስቱም ስንት እንደሚሉ ንገሪን።

ታቦር በዚያው ማታ መለሰች፣ 4ኛው ምላሽ ነው። አጎቷ በዚያው ሳምንት የያዘው አንድ ቤት ነበር። አቶቴ አካባቢ፣ ሁለት መኝታና ሳሎን፣ ታንከር ያለው፣ አከራዩ ግቢ ውስጥ የማይኖር። የተጠየቀው 9,500 ብር ነው። አንደኛው ዛፍ 7,500 አለ። ሁለተኛው 11,000። ሦስተኛው 8,200፣ አራተኛው 12,500፣ አምስተኛው 9,000። ያው ቤት ነው፣ ያው ደብተር ነው። ትንሹና ትልቁ መሃል የ5,000 ብር ገደል አለ። አምስቱ ሲደመሩና ለአምስት ሲካፈሉ ግን 9,640 ሆነ። የመቶ አርባ ብር ስህተት ብቻ።

ለኔ ከክሩ ሁሉ ይህች ምላሽ በለጠችብኝ። ደን ለምን እንደሚሠራ ከዚህ በላይ ማስረዳት አይቻልም። እያንዳንዱ ዛፍ ይሳሳታል፣ ግን አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ነው የሚሳሳተው፣ ሲደመር ይጣፋል። ታቦርም ገርሟታል። ጥቁር ውሃ ግን ወዲያው ሌላ ነገር አየች። አምስቱ ዛፎች ለየብቻ ሲታዩ በአማካይ 1,660 ብር ነው የተሳሳቱት። ፈተናው ላይ ግን አንድ ዛፍ 760 ብር ብቻ ይሳሳታል ተብሏል። በአንድ ቤት መፍረድ አይቻልም፣ ቢሆንም ይህ ልዩነት አላማራትም። ፈተናው ውስጥ የሆነ ነገር ለዛፉ መልሱን ሹክ እያለው ነው ብላ ጠረጠረች።

5ኛው ላይ አምባዛ መጣ። አምባዛ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ ይገባል፣ ውሃውን ያደፈርሳል። ይህ ሁሉ የልጆች ጨዋታ ነው አለ። ራንደም ፎረስት ጊዜው አልፎበታል፣ ቁም ነገር የሚሠራ ሰው ኤክስጂ ቡስት የተባለውን የቡስቲንግ መሣሪያ ይጠቀማል፣ ቡስቲንግ ከዛፍ ያነሰበት ሰው ቡስቲንግ ስለማያውቅ ነው። 6ኛው ላይ ሌላ ሰው አምባዛ ከጭቃ ውስጥ ሆኖ ብዙ እንደሚያወራ አስታወሰው። ይህን ልለፈው።

7ኛው ምላሽ መጀመሪያ ያሳቀን፣ በኋላ ሁላችንንም ዝም ያሰኘን ነው። ጋሽ ሜትር ብለው የሚጽፉ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ወንዶ ገነት በኩል ደን ሲለኩ የኖሩ። ርዕሱን አይተው የእውነት ዛፍ መስሏቸዋል። የጽድ ነው ወይስ የባሕር ዛፍ፣ የት ነው የተተከለው ብለው ጀመሩ። መሃል ላይ ነገሩ የኮምፒውተር መሆኑ ገባቸው መሰለኝ። ሳያፍሩ ቀጠሉ። እኛም ስንለካ ቀመር እናወጣለን አሉ። ጫካውን በካሬ ቦታ እንከፋፍላለን፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ያሉትን ዛፎች ውፍረትና ቁመት እንለካለን። ታዲያ ቀመራችንን ለመፈተሽ እዚያው ካሬ ውስጥ ያለ ዛፍ አንወስድም፣ ምክንያቱም ጎረቤታሞች አፈሩም ውሃውም አንድ ስለሆነ ይመሳሰላሉ። ሌላ ካሬ ሄደን ነው የምንፈትሸው። የእናንተ ቤቶች እንዴት ናቸው ብለው ጨረሱ።

8ኛው ላይ አምባዛ ጋሽ ሜትርን አሾፈባቸው። ችግኙን ይዘው ሌላ መድረክ እንዲሄዱ ጠቆማቸው። 9ኛው ላይ ጥቁር ውሃ እስከዛሬ ባላየሁት ቁጣ መለሰችለት። እስካሁን ከተጻፈው ሁሉ ዋናውን ነገር የተናገሩት ጋሼ ናቸው አለች። ታቦርን ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት፦ ደብተሩ ላይ አንድ ቤት ስንት ጊዜ ተጽፏል?

10ኛው የታቦር ነው፣ አጭርና አንገት ያስደፋ። አጎቷን ጠየቀችው። ተከራይ ሲወጣ ያው ቤት እንደገና ይመዘገባል። አከራይ መቶ ሁለት መቶ ብር ሲቀንስም እንደገና ይመዘገባል። 1,860 መስመር የመሰላት 1,130 ቤት ነው። ስፋቱና ከአስፋልት ያለው ርቀት እንደ አሻራ ስለሆነ ያው ቤት ሲመጣ ዛፉ ወዲያው ያውቀዋል። በዘፈቀደ ስትከፍለው አንዱ ቅጂ ማሠልጠኛው ውስጥ፣ ሌላው መፈተኛው ውስጥ ይወድቃል። እስከ መጨረሻ የተለቀቀ ዛፍ ደግሞ የሚችለው ነገር ቢኖር መሸምደድ ነው። ስለዚህ ፈተናው የሸመደደውን ሸለመ። ቡስቲንጉ በቀረበበት ሁኔታ ሦስት ደረጃ ብቻ ጥልቀት ባላቸው ትንንሽ ዛፎች ስለሚሠራ መሸምደድ አልቻለበትም፣ በሐቀኝነቱ ተቀጣ ማለት ይቻላል።

ለእያንዳንዱ ቤት መለያ ቁጥር ሰጥታ፣ የአንድ ቤት ቅጂዎች በሙሉ በአንድ ወገን እንዲሆኑ አድርጋ እንደገና ፈተነች። ያስገባችው ኮድ ይህ ነው፦

```python
from sklearn.model_selection import GroupKFold, cross_val_score

cv = GroupKFold(n_splits=5)
s = cross_val_score(model, X, y, groups=house_id, cv=cv,
                    scoring="neg_mean_absolute_error")
print(-s.mean())
```

የአንዱ ዛፍ ስህተት ከ760 ወደ 1,640 ብር አሻቀበ። ደኑ 1,210 ሆነ። ቡስቲንጉ 1,190፣ ከድሮው ብዙም አልራቀም። የአሥር ብሩ ልዩነት 430 ብር ሆነ። ጋሽ ሜትር አውራ ጣት ብቻ ሰጥተው አለፉ።

ከ11 እስከ 14 ያለው ወሬ ስለ ኪራይ ነው። ደላላ ከሁለቱም ወገን ኮሚሽን መብላቱ ተነሳ። አንዱ በሦስት ዓመት አራት ቤት እንደቀየረ ተረከ። ሌላዋ ይህ ሞዴል ካለቀ ለአከራዮች እንዳይሰጥ ለመነች፣ ኪራይ መጨመሪያ ያደርጉታል ብላ። አልፈርድባትም።

ወደ ነገሩ የመለሰን 15ኛው ላይ ሎጊታ የሚባል ልጅ ነው። ሦስት ነገር አለ። ደን ማስተካከል አያስፈልገውም። እያንዳንዱ ዛፍ የሚያያቸውን ጥያቄዎች በዘፈቀደ ስለሚቀንስ በራሱ የተስተካከለ ነው። ከዚያም እያንዳንዱ ዛፍ ሲሠራ 37 በመቶ ያህሉ መስመር ሳይመረጥ ስለሚቀር፣ በቀረው መፈተን ይቻላል፣ ሌላ መፈተኛ መክፈል ድካም ነው። በራሱ የሚተማመን ልጅ ነው፣ ደግሞ ግማሽ ልክ ነው። ችግሩ ያለው በሌላው ግማሽ ላይ ነው።

16ኛው ላይ ጥቁር ውሃ በትዕግሥት ፈታችው። ዛፎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቢሆኑ ግምታቸውን ማማከሉ፣ ማለትም አማካዩን መውሰዱ፣ ትርጉም የለውም አለች። የታቦር ዛፎች ዘጠኙንም ነገር እንዲያዩ ከተፈቀደላቸው፣ አብዛኞቹ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስፋቱ ስንት ካሬ ነው የሚል ይሆናል። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይሳሳታሉ። አንድ ሺህ ተከታታይ ተመሳሳይ ስህተት ብታማክል ያው ስህተት ነው። የስታቲስቲክስ ሊቁ ሊዮ ብራይማን እ.ኤ.አ. በ2001 ራንደም ፎረስትን ያቀረበው ይህንን ለማላቀቅ ነው። በእያንዳንዱ መክፈያ ላይ ዛፉ ከዘጠኙ በዘፈቀደ የተመረጡ ጥቂቶቹን ብቻ ያያል። ስፋት ያልደረሰው ዛፍ ከሐይቁ ባለው ርቀት ወይም በመጸዳጃው ለመጀመር ይገደዳል። እያንዳንዱ ዛፍ ትንሽ ይደክማል፣ ስህተታቸው ግን ይለያያል።

ይህ ግን በሳይኪት ለርን ውስጥ ሁሌ አይበራም። ምድብ ለሚለየው `RandomForestClassifier` በነባሪነት የዓምዶቹን ብዛት ካሬ ሥር ያህል ብቻ ነው የሚያሳየው። ሎጊታ ያነበበው እሱን ነው። ቁጥር ለሚተነብየው `RandomForestRegressor` ግን `max_features` 1.0 ነው፣ ማለትም ሁሉንም ያያል። ታቦር ደን የመሰላት ነገር ዳታው በዘፈቀደ እየተመረጠ የተሠራ የዛፍ ጥርቅም ነው፣ የብራይማን ቅመም አልገባበትም። የቀሩትን 37 በመቶዎች በተመለከተም፣ የአንድ ቤት ሁለት ቅጂ ካለ አንዱ ተመርጦ ሌላው ሊቀር ይችላል። ያው የሹክሹክታ ችግር በጓሮ በር ይመለሳል።

17ኛው ላይ ታቦር ሞክራው መጣች። ከዘጠኙ ሦስቱን ብቻ እንዲያዩ ስታደርግ ከ1,210 ወደ 1,150 ወረደ። የዛፉን ብዛት ከ100 ወደ 500 ስታሳድግ ትንሽ ተሻሻለ፣ ከ500 ወደ 1,000 ስታደርግ ምንም አልተለወጠም። ላፕቶፗ ሞቀ እንጂ። ሎጊታ 18ኛው ላይ አመሰገነ። እንደዚህ ዓይነት ልጅ ይብዛልን።

19ኛው ላይ ቆሮሶ የተባለ ጀማሪ የራሱን ጣጣ ይዞ ገባ። ዳታው ምን እንደሆነ አልነገረንም፣ የሱቅ ሽያጭ መሰለኝ። ቡስቲንግ ላይ ለርኒንግ ሬት፣ ማለትም የእያንዳንዱ ዛፍ እርማት የሚባዛበት ቁጥር፣ ባነሰ ቁጥር ጥሩ ነው ሲባል ሰምቶ ከ0.1 ወደ 0.01 አወረደው። ሞዴሉ ሁሉንም ነገር ወደ አማካዩ አካባቢ መተንበይ ጀመረ። ቡስቲንግ አይሠራም የሚለው ሁለተኛ ክስ ሆነ ማለት ነው።

አምባዛ እዚህ ጋ ሳይሳደብ መለሰ። 20ኛው ምላሽ በደንብ የተጻፈ ነው፣ ሐቁን ልናገር። ቡስቲንግ እንደ ደን ጎን ለጎን የቆሙ ዛፎች አይደለም አለ። ወረፋ ነው። መጀመሪያ ለሁሉም ቤት አማካዩን ትሰጣለህ፣ 9,000 ብር እንበል። ሐይቅ ዳር ያለው ቤት እውነተኛ ዋጋው 15,000 ከሆነ 6,000 ይቀራል። የመጀመሪያው ዛፍ የሚማረው ይህንን ቀሪ ነው። በትክክል 6,000 ቢል እንኳ ሙሉውን አትወስድለትም፣ በ0.1 ታባዛዋለህ፣ 600 ትጨምራለህ። ሁለተኛው ዛፍ የቀረውን 5,400 ይማራል። እንዲህ እያለ በ22ኛው ዛፍ ላይ ቀሪው 600 ብር ገደማ ይሆናል። አሁን ቆሮሶ ወዳደረገው ና። በ0.01 እያባዛ መቶ ዛፍ ብቻ ነው የሰጠው። መቶው ሲያልቅ ከ6,000ው ውስጥ 2,200 ያህሉ ገና አልተነካም። ቡስቲንጉ ጥፋት የለበትም፣ መንገድ ላይ ነው ያስቀረኸው። እርምጃውን ስታሳጥር የእርምጃውን ብዛት ጨምር፣ ሁለቱ አብረው ነው የሚሄዱት።

ከዚህ በኋላ የሁለቱ ማስተካከያ ለምን እንደሚለያይ ራሱ ግልጽ ይሆናል። ደን ውስጥ እያንዳንዱ ዛፍ ጥልቅና ግትር እንዲሆን ትለቀዋለህ፣ ግትርነቱን ማማከሉ ያበርደዋል። ዛፍ ብትጨምር አይጎዳህም፣ ሰዓትህን ይበላል እንጂ። ቡስቲንግ ውስጥ ግን እያንዳንዱ አዲስ ዛፍ የቀረውን እየለቀመ ነው። እውነተኛው ነገር ተለቅሞ ሲያልቅ አያቆምም። አንዱ አከራይ ቸኩሎ ዋጋ መቀነሱን፣ አንዷ አከራይ ለዘመድ ማዳላቷን መልቀም ይጀምራል። ስለዚህ ዛፉ አጭር ይሁን፣ ብዛቱም ገደብ ይኑረው።

21ኛው ላይ ታቦር ይህንን በዓይኗ አየችው። ለርኒንግ ሬቱን 0.05፣ ጥልቀቱን 4 አድርጋ 3,000 ዛፍ ለቀቀች። በ`staged_predict` ከእያንዳንዱ ዛፍ በኋላ ያለውን ስህተት መዘገበች። 420 ዛፍ አካባቢ ላይ 1,090 ብር ደረሰ፣ ዝቅተኛው እሱ ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሳ። 3,000ው ሲያልቅ 1,260 ብር ሆኗል፣ ምንም ካልተነካካው ደን የባሰ። በሠለጠነበት ዳታ ላይ ግን ስህተቱ 90 ብር ብቻ ነበር። አንዱ ቁጥር እየወረደ ሌላው ሲነሳ ያኔ ነው ማቆሚያው።

22ኛው ላይ አምባዛ እንዲህ በእጅ መቁጠር ድሮ ቀርቷል አለ። ማሻሻል ሲያቆም ራሱ እንዲቆም ማዘዝ ይቻላል፣ `n_iter_no_change` ሙላ፣ አለቀ። 23ኛው ላይ ጥቁር ውሃ ቆይ አለችው። በሳይኪት ለርን ውስጥ እሱን ስትሞላ ለመቆሚያ የሚሆነውን ዳታ ራሱ በዘፈቀደ ነው የሚቆርጠው። ቤቶቹ ተደጋጋሚ ስለሆኑ መቆሚያው ውስጥ የተሸመደዱ ቤቶች ይገባሉ፣ ስህተቱ መውረዱን ስለሚቀጥል ሞዴሉ ማቆም ባለበት ቦታ አያቆምም። አምባዛ 24ኛው ላይ በኤክስጂ ቡስት መቆሚያውን ራስህ ለይተህ ስለምትሰጠው ይህ ችግር የለም ብሎ መለሰ። እውነቱን ነው። መጀመሪያ የተናገረው ስህተት መሆኑን ግን አልጻፈም። ጥቁር ውሃም አልገፋችውም።

25ኛው ላይ አንድ ሰው አሸናፊው ማነው ብሎ ውጤት ጠየቀ፣ እንደ ኳስ። ቡስቲንግ 1,090፣ ደን 1,150። አምባዛ ስድሳ ብር በስድሳ ብር ነው ብሎ ፎከረ። ታቦር አምስቱን ፈተና ለየብቻ አውጥታ አሳየች። ቡስቲንጉ በሦስቱ ደኑን በልጧል፣ በሁለቱ ተበልጧል። በዚያ ላይ ደኑን ለማስተካከል ሃያ ደቂቃ ፈጅቶባታል፣ ቡስቲንጉ ቅዳሜን በልቶባታል። ደግሞ 420 የሚለውን ቁጥር የመረጠችው በዚያው በምትፈትንበት ዳታ ስለሆነ 1,090 ራሱ ትንሽ ሳያምር አይቀርም፣ ይህን የጻፈችው ራሷ ናት። አምባዛ አልተዋጠለትም። እዚህ ላይ ማንም ማንንም አላሳመነም።

26ኛው ላይ አንዱ ታዲያ አንዱ ዛፍ ለምን ይኖራል አለ። ታቦር የሦስት ደረጃ ዛፍ በወረቀት አትማ ለአጎቷ እንዳሳየችው መለሰች። አጎቷ አይቶ ሳቀ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ስህተት አለው አለ። ታንከር ያለው ቤት ከሌለው የረከሰበት ቅርንጫፍ ነበር። ደብተሩ ላይ ተመለሱ፣ አንድ ገጽ ሙሉ ታንከር ያለውና የሌለው ተገለባብጦ ተገልብጧል። አምስት መቶ ዛፍ ውስጥ ይህንን ማንም አያይም ነበር።

ከ27 እስከ 30 ያለውን የያዘው ያልተፈታው ጉዳይ ነው። ጋሽ ሜትር ተመልሰው መጡና፣ የእናንተ ዋጋ እኮ በየወሩ ያድጋል፣ የእኛ ዛፍ እንኳ እንደዚያ አያድግም አሉ። ታቦር የመጨረሻዎቹን አራት ወራት ለይታ በቀደሙት ብቻ አሠለጠነች። ከአሥር ቤት ዘጠኙን ሁለቱም ሞዴሎች ከዋጋው በታች ገመቱት። ጥቁር ውሃ ይህ የዛፍ ሁሉ ጠባይ ነው አለች። ወሩ ከዚህ በኋላ ነው ብሎ የከፈለው የመጨረሻ ቅጠል ነገም ከነገ ወዲያም ያንኑ ዋጋ ይሰጣል። ደን የሚያማክለው ያየውን ዋጋ ነው፣ ካየው ትልቁ በላይ መሄድ አይችልም። ቡስቲንግም ቁርጥራጭ እየደመረ ትንሽ ቢያልፍ እንጂ የኪራይ ጭማሪን ተከትሎ አይወጣም። ዛፍ ብትጨምሩ፣ ጥልቀት ብትቀይሩ የሚስተካከል አይደለም።

ሎጊታ ኪራዩን በወሩ መካከለኛ ኪራይ አካፍለን፣ ዛፉ ቤቱ ከወሩ ቤቶች በስንት እጥፍ እንደሚበልጥ ይማር አለ። ጥሩ ሐሳብ ነው። አምባዛ የሚቀጥለውን ወር መካከለኛ ኪራይ ማን ይነግርሃል ብሎ ጠየቀው። ሎጊታ እስካሁን አልመለሰም።

31ኛው የታቦር ነው፣ ትናንት ማታ የተጻፈ። ያ የአቶቴው ቤት ተከራይቷል። በ9,500 ሳይሆን በ11,000 ነው፣ ሁለት ሰው ተሻምቶበት። ከአምስቱ ዛፎች ሁለተኛው ነበር ልክ የገመተው።